ከበሬው ኋላ ያለች እጅ

ችኮ ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት አማቷ ናት። ሙሽራ ሆና በገባች በሳምንቱ ከጎረቤት ጋር ስለ አጥር ተከራክራ አልለቅ ስትል፣ አማቷ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ስታይ ቆየችና «ልጄ ያመጣው ሚስት አይደለም፣ ችኮ ነው» አለች። ከዚያ ወዲህ እናት አባቷ ባወጡላት ስም የሚጠራት ጠፋ። እሷም ስሙን አልጠላችውም። ሰው ችኮ የሚባለው የያዘው ነገር ሲኖረው ነው።

እሷ የያዘችው ነገር መሬት ነው። አባቷ ወንድ ልጅ አልነበረውምና ሲሞት ማሳውን በስሟ አስመዝግቦላት ነበር። ዕድል ሆኖ ማሳው ከባሏ ማሳ ጎን ለጎን ነው፤ የሚለያቸው አንድ ሰው ተራምዶ የሚያልፈው የሣር ወሰን ብቻ። አፈሩ አንድ፣ ተዳፋቱ አንድ፣ ዝናቡም ቢሆን ወሰን አይቶ አይዘንብም። ይሁንና በየዓመቱ የባሏ በቆሎ ከሰው ቁመት ሲያልፍ፣ የእሷ ከወገብ ሳይዘል ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መንገደኛው ቆም ብሎ ያይና «አይ የሴት መሬት! ሰነፍ ነው» ብሎ ያልፋል።

መሬት ሰነፍ ይሆናል እንዴ? እስቲ አንድ ጊዜ እንኳ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ቢኖር። የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል በሬዎቹ የሚገቡት ባሏ ማሳ ነው፤ ከዚያ የባሏ ወንድም ለተከራየው ቁራሽ ይሄዳሉ፣ ከዚያ ለአጎት ይታዘዛሉ፣ ወደ እሷ ሲመጡ እርጥበቱ ሄዶ አፈሩ ጡብ ሆኗል። በሬዎቹ እንኳ መንገዱን ስለለመዱት ወሰኑ ጋ ሲደርሱ ማንም ሳይነዳቸው ወደ ባሏ ማሳ ይታጠፋሉ። ማዳበሪያው በአባወራው ስም ይመጣል፣ በአባወራው ማሳ ያልቃል፤ ለእሷ የሚደርሳት ጆንያው ሲራገፍ የሚወርደው ነው። ከበረቱ የሚወጣውን ፍግ በጀርባዋ ተሸክማ የምትበትነው በእሱ ማሳ ነው። አረም ሲነሳም መጀመሪያ የእሱን ታርማለች፣ ትኮተኩታለች፤ የራሷ ዘንድ ስትደርስ አረሙ በቆሎውን በልቶ ጨርሷል። ይህን ሁሉ ዓመት ሙሉ አድርገውባት ሲያበቁ በመጨረሻ መሬቱን ሰነፍ ይሉታል። መሬቷ ላም አለኝ በሰማይ ሆናባት ኖረች።

ነገሩ የፈነዳው ከዝናቡ በፊት ነው። ማሳ ደርቆ ሰው ሁሉ ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ወቅት፣ አንድ ምሽት እራት ተበልቶ እጅ ሲታጠብ፣ ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ። ባሏ ክፉ ሰው አይደለም። እጁን አንስቶባት አያውቅም፣ ሲያመሽም አይዋሽም። ነገር ግን ሊናገር የፈራውን ነገር ሁሉ ጉሮሮውን ጠርጎ ነው የሚጀምረው፤ እሷም ጠረጋውን ስትሰማ እጇን ከውሃው ሳታወጣ ጆሮዋን ቀሰረች።

«ወንድሜ ሊያገባ ነው» አለ።

ወንድምየው፣ ማለትም ዋርሳዋ፣ በሩ አጠገብ ተቀምጦ ጥርሱን በስንጥር ይጎረጉራል። ያገባል መባሉ አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነው እንደ ባለ ጉዳይ ልብሱን ቀይሮ መምጣቱ ነው።

«እንኳን ደስ ያለው» አለች።

«መሬት የለውም።»

«እሱም አዲስ አይደለም።»

ባሏ እንደገና ጉሮሮውን ጠረገ። «ያንቺ ማሳ እንደሆነ የሚሰጠው ነገር የለም። በየዓመቱ እናያለን። ወንድ እጅ ቢገባ ያፈራ ይሆናል። ለሱ ብንለቅለት… አንቺ እኔ አለሁልሽ።»

አማቷ ጥግ ላይ ጥጧን እየፈተለች ነበር። ዓይኗን ሳታነሳ «የቤተሰብ መሬት ከቤተሰብ አይወጣ» አለች።

ችኮ እጇን አወጣች፣ በቀሚሷ ጫፍ አበሰች፣ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ያ መሬት ከሄደ በዚህ ቤት ውስጥ የእሷ የሚባል ነገር የለም። ነገ ባሏ ቢሞት፣ ቢከፋው፣ ሌላ ቢያምረው፣ እሷ በሰው ጎጆ የምትኖር የሰው ሠራተኛ ናት። ይህን ለራሷ ተናግራው አታውቅም፤ አሁን ግን እንደ ቀትር ጸሐይ ታያት።

«አይሆንም» አለች።

ዋርሳዋ ሳቀ። «ሴት ብታውቅ በወንድ ያልቅ።»

«አላለቀም ገና» አለችው፤ ወደ ባሏም ዞራ፣ «አንድ ዝናብ ስጠኝ። ከማሳህ ጋር እኩል ይታረስ፣ ማዳበሪያውን እኩል እንካፈል። ያኔ ካላፈራ እኔ ራሴ ወሰኑን ነቅዬ ለወንድምህ አስረክባለሁ።»

«ማዳበሪያ ለሁለት ተከፍሎ ሁለቱንም ማሳ ማስራብ ነው። እሱ አይሆንም» አለ ባሏ። «ዝናቡን ግን ስጠኝ ካልሽ ይኸው፣ ሰጥቼሻለሁ። ካፈራ ያንቺው ነው። ካላፈራ ለወንድሜ።» ይህን ሲል ትከሻው ቀለል አለው። ፍርድ የሰጠ መሰለው። የሰጣት ግን እግርን አስሮ ሩጪ ማለትን ነው።

«እማማ ሰምተዋል?» አለች አማቷን።

«ጆሮ አለኝ» አለች አሮጊቷ።

*

በማግስቱ ወደ ገበሬዎች ማህበር መጋዘን ሄደች። መጋዘኑ የቆርቆሮ አዳራሽ ነው፤ ውስጡ የማዳበሪያው ሽታ አፍንጫ ይበጥሳል፣ ጆንያው እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ወንዶች በሩ ላይ ተሰልፈው የአምናን ዝናብ ያማሉ። ተራዋ ሲደርስ መጋዘን ጠባቂው ከጠረጴዛው ኋላ ቀና ብሎ በእሷ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየ፤ ባሏን ነበር የሚፈልገው።

«አባወራው የት አለ?»

«እኔ ነኝ የመጣሁት። መሬት በስሜ አለኝ። ማዳበሪያ በስሜ እፈልጋለሁ።»

መጋዘን ጠባቂው መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ግራ የገባው ሰው ነው። «እህቴ፣ የአንድ ቤት ድርሻ አንድ ነው። በአባል ስም ነው የሚወጣው። አባሉ ባልሽ ነው።»

«እኔ አባል መሆን አልችልም?»

አሰበ። «አትችይም የሚል ደንብ የለም። መሬት ያለው ሁሉ ይችላል ነው የሚለው። ባል ያላት ሴት ስትሆን ግን አይቼ አላውቅም።»

ከኋላዋ አንዱ «ቤቱን ለሁለት ከፈሉት እንዴ?» አለና ሰልፉ ሳቀ።

«ካላየህ አሁን እይ» አለችው መጋዘን ጠባቂውን። «መዝግበኝ።»

መዘገባት፤ ግን የዚህ ወቅት ድርሻ አስቀድሞ የተከፋፈለ ነው፣ የእሷ የሚመጣው በሚቀጥለው ነው አላት። ባዶ እጇን ወጣች። በሩ ላይ የቆመው ሰልፍ መንገድ ሲለቅላት ፈገግታውን እየዋጠ ነበር። እሷ ግን አንገቷን አልደፋችም። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ ናቂ ቢበዛባትም አጥሩ ገና የእሷ ነው።

ያን ሰሞን የግብርና ባለሙያው አባወራዎችን በዛፍ ጥላ ሰብስቦ ያሠለጥን ነበር። ሴቶች አልተጠሩም። ችኮ ከውሃ ስትመለስ እንስራዋን አውርዳ ከኋላ ቆመች። ባለሙያው ወጣት ነው፣ ሥራውን የሚያውቅ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። ማዳበሪያና ዘር እንዳይነካኩ፣ ከተነካኩ ማዳበሪያው ዘሩን እንደሚያቃጥል፣ በመካከላቸው አፈር መግባት እንዳለበት ነገራቸው። ዩሪያ የሚባለው ማዳበሪያ ደግሞ በዘር ጊዜ ሳይሆን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ፣ አፈሩ እርጥብ ሲሆን እንዲጨመር ነገራቸው። ጥያቄ አለ ወይ ሲል ችኮ እጇን አወጣች።

«አንድ ሰው ሁለት ጆንያ ቢኖረው፣ ሁለቱንም አንድ ማሳ ላይ ቢያደርገው ይሻላል ወይስ ሁለት ማሳ ላይ ቢያካፍለው?»

ሰዉ ዞሮ አያት። ባሏ መሬት መሬት አየ። ባለሙያው ግን ጥያቄውን አልናቀውም። «ማካፈሉ ይሻላል» አለ። «የመጀመሪያው ጆንያ የሚያመጣውን ያህል ሁለተኛው አያመጣም። የጠገበን ሰው ብታጎርሺው ምን ይጨምራል? የራበው ግን ያችኑ ጉርሻ ሲያገኝ ይነሳል። እንዲያውም በብዙ ቦታ የተለካ ነገር ነው፤ ሴቶች የሚያርሱት ማሳ ምርቱ የሚያንሰው እጃቸው ስለሚያንስ አይደለም። በሬው ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ ማዳበሪያው ስለማይደርስ፣ የሰው ጉልበት ስለሚያጥር፣ ምክሩም ስለማይደርሳቸው ነው። እኩል ሲያገኙ እኩል ያመርታሉ።»

«ምክሩ ካልደረሰን ታዲያ ለምን አልጠራኸንም?» አለችው።

«ልክ ነሽ» አለ ወጣቱ። «ዝርዝሩ አባወራ ብቻ ነው የሚለው። በሚቀጥለው ሁሉም ይምጣ።» ወዲያው እስክሪብቶውን አውጥቶ የሆነ ነገር ጻፈ። ችኮ እንስራዋን አዘለች። ባሏ በመንገድ ላይ ደርሶባት «አዋረድሽኝ» አለ። «የጠየቅሁት ስለ ጆንያ ነው፣ ስለ አንተ አይደለም» አለችና ቀደመችው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራዋን አዞረችው። ፍጉን ከበረት እየዛቀች ተሸከመች፤ ግን ወሰኑን አልፋ ራሷ ማሳ ላይ አራገፈችው። አማቷ በሩ ላይ ቆማ አየቻት። ባሏም አየ፤ ፍግ የሴት ሥራ ነውና ማን ማሳ ላይ እንደሚራገፍ መከራከር አፈረ።

*

ዝናቡ ምሽት ላይ መጣ። ሌሊቱን በሙሉ ዘንቦ፣ ጧት ምድሩ ጠግቦ ተነሳ። የዚህ ዓይነቱ ቀን በዓመት አንዴ ነው፤ በዚህ ቀን ያልዘራ ገበሬ ወቅቱን ሁሉ እያሳደደው ይኖራል። ከየጎጆው በሬ ወጣ። እንኳን የሚቀጠር ሰው፣ ሥራ የፈታ ውሻ አይገኝም።

ባሏ በሬዎቹን ጠምዶ ወረደ። ሁለቱ በሬዎች ወሰኑ ጋ ሲደርሱ እንደለመዱት ወደ እሱ ማሳ ታጠፉ። ጆንያው በማሳው ጫፍ ተቀመጠ፣ የዘር ቅሉም ተቀመጠ። ከዚያ ባሏ ዞር ብሎ ሚስቱን ፈለገ።

እዚህ ላይ በቆሎ በመስመር እንዴት እንደሚዘራ ለማያውቅ ሰው መንገር ያስፈልጋል። ባል እርፉን ይዞ ቦዩን ይከፍታል፤ ይህ የሚታየው ሥራ ነው፣ ወንዱ የሚኮራበት። ከበሬው ኋላ ግን አንዲት ሴት ጎንብሳ ትሄዳለች። ማዳበሪያውን ቆንጠር አድርጋ ትጥላለች፣ በእግሯ አፈር ትመልስበታለች፣ በልኩ እየተራመደች ዘሩን ታስቀምጣለች፣ ታለብሳለች። ቀኑን ሙሉ ጎንብሳ ውላ ማታ ሲጠየቅ «እሱ ዘራ» ነው የሚባለው።

ችኮ ግን በራሷ ማሳ ነበረች። በመቆፈሪያ ጉድጓድ ትቆፍራለች፣ ፍግ ትጨምራለች፣ ዘር ትጥላለች። አንዱን ጉድጓድ ጨርሳ ወደሚቀጥለው ትሄዳለች። ሥራው የቀንድ አውጣ ጉዞ ነው፤ በዚህ አኳኋን ጸሐይ እስክትጠልቅ ከማሳው ጥጉን እንኳ እንደማትጨርስ ታውቃለች።

«ነይ እንጂ!» አለ ባሏ።

«እየዘራሁ ነው» አለች ቀና ሳትል።

ባሏ ሳቀ፤ ቀልድ መሰለው። ከዚያ ወንድሙን ጠራ። ዋርሳዋ እጅጌውን ሰብስቦ ከበሬው ኋላ ገባ። ማዳበሪያውን በእፍኙ ይበትናል፣ ዘሩን በላዩ ላይ ያፈሳል፣ አፈር ሊመልስ ሲል በሬው ይርቀዋል፣ ሊደርስ ሲሮጥ የዘራውን ይረግጣል። ሁለት መስመር ሳይሄዱ ባሏ በሬዎቹን አቁሞ ወደ ኋላ አየ። ጎንበስ ብሎ አፈሩን በጣቱ ገለጥ አደረገ። ዘሩና ማዳበሪያው ተቃቅፈው ተኝተዋል።

«ምን እየሠራህ ነው? ልታቃጥለው ነው እኮ!»

«ታዲያ ይህ የሴት ሥራ አይደል? እኔ የት አውቀዋለሁ?» አለ ወንድምየው ወገቡን ይዞ።

ባሏ ሰማይ አየ። ደመናው ተገፎ ጸሐይዋ መፋጀት ጀምራለች፤ ከምድሩ ላይ እንፋሎት ይነሳል። ያ እንፋሎት እርጥበቱ ነው፤ ዓይኑ እያየ የሚሄድበት። ወሰኑ ጋ መጣ።

«እባክሽ» አለ ቀስ ብሎ። «እርጥበቱ እየሄደ ነው።»

«የኔም እየሄደ ነው።»

«አንድ ቤት አይደለን?»

አሁን ቀና አለች። ግንባሯ ላይ ጭቃ ነበር። «አንድ ቤት ከሆንን ጆንያው ለምን አንድ ማሳ ብቻ ያውቃል? ለምንድነው የኔ ማሳ ሁልጊዜ እንግዳ የሚሆነው? ካፈራ ያንቺ ነው ብለህ ፈርደህልኛል። እሺ። እኔም ልፍረድ። ግማሹ ማዳበሪያ እዚህ፣ እግሬ ስር ይምጣ። እስከ ቀትር ያንተን እንዝራ፣ ከቀትር በኋላ በእነዚሁ በሬዎች የኔን። ያኔ እጄን ታገኛለህ። አለበለዚያ ወንድምህ አለልህ።»

ወንድምየው «ይህቺ ሴት አብዳለች። ተዋት!» አለ።

ባሏ ወንድሙን አየ፣ የተበላሸውን መስመር አየ፣ ሚስቱን አየ። ቁጣ ፊቱ ላይ ወጥቶ ወረደ። የሰው ሁሉ በሬ ሲያርስ የእሱ ቆሟል፤ ከወዲያ ማሳ ሰው ቀና እያለ ማየት ጀምሯል። ጆንያውን ፈታ፣ ግማሹን በሌላ ጆንያ ገለበጠ፣ ተሸክሞ ወሰኑን ተሻገረና እግሯ ስር ጣለው። እሷ አላመሰገነችውም። ቅሏን አንስታ ከበሬው ኋላ ገባች።

እርጥበቱ ሳይሄድ ሁለቱም ማሳ ተዘራ።

በቆሎው ሲበቅል ሌላ ነገር መጣ። አረም። ባሏ በዘሩ ጊዜ የተረታበትን ክርክር እንደገና ጀመረ፤ «መጀመሪያ የኔን አርሚ፣ ትልቁ እሱ ነው» አለ። እሷ ግን ነገሩን አስባበት ነበር። መስመሩ የተከፈተው ተዳፋቱን ተከትሎ ነው፤ ከባሏ ማሳ ተነስቶ ወሰኑን ቆርጦ በእሷ ማሳ ይቀጥላል። መቆፈሪያዋን ይዛ ከአንዱ ጫፍ ጀምራ፣ አንዱን መስመር ከዳር እስከ ዳር፣ ሁለቱንም ማሳ አቋርጣ ኮተኮተች። ቀዳሚም የለ፣ ተከታይም የለ።

«በዚህ አካሄድ ሁለቱም ይዘገያል» አለ።

«ሌላ መቆፈሪያ አለ» አለችው። «አረም የወንድ እጅ ቢነቅለው አይከፋውም።»

ባሏ ለሁለት ቀን አኮረፈ። በሦስተኛው ጎህ ሳይቀድ፣ ሰው ሳያየው፣ መቆፈሪያ ይዞ ወረደ። ጎረቤት ሲያልፍ ቀና ይልና ወሰን የሚያይ ይመስላል፤ ጎረቤቱ ሲርቅ ጎንበስ ይላል። አማቷ በሩ ላይ ሆና «ልጄ ወሰን ማየት አበዛ» አለች። ችኮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአማቷ ጋር አብራ ሳቀች። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ዩሪያውንም ከዝናብ ማግሥት እኩል ተካፍለው ጨመሩ፤ ይህን ጊዜ ማንም አልተከራከረም።

*

ምርቱ ሲሰበሰብ የሁለቱ ማሳ ወሰን ጠፍቶ ነበር። በቆሎው ከዳር እስከ ዳር አንድ ቁመት ስለሆነ መንገደኛው የቱ የማን እንደሆነ አላወቀም። የባሏ ማሳ በግማሽ ማዳበሪያ የሰጠው ከአምናው ብዙም አላነሰም፤ የእሷ ደግሞ ፍጉም ረድቶት ከእሱ እኩል ቆመ። ጎተራው ሞልቶ ሌላ መሥራት ግድ ሆነ። ባሏ ገበያ ላይ «ማሳችን ዘንድሮ ጉድ ሠራ» እያለ ሲያወራ ሰማችው። ማሳችን ማለቱን ልብ አለች። ዘንድሮ ነው የተማረው።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር። ግን ዋርሳዋ ሁለት ሽማግሌ ይዞ መጣ።

ሰፊው ክፍል ውስጥ ተቀመጡ። የአዲሱ በቆሎ ሽታ ቤቱን ሞልቶታል። ትልቁ ሽማግሌ ከዘራውን መሬት ላይ አሳርፎ፣ ለስላሳ ድምፅ አውጥቶ ጀመረ። መሬቱ ጥሩ መሆኑ ታየ፣ እግዜር ይመስገን። ያፈራውም በቤቱ በሬ፣ በቤቱ ማዳበሪያ ነው። እንዲህ ያለ ጥሩ መሬት ደግሞ በሴት እጅ ብቻውን ተነጥሎ ከሚቆም፣ ወደ ቤተሰቡ ተቀላቅሎ ለወጣቱ ጎጆ መውጫ ቢሆን ለሁሉም ክብር ነው።

ችኮ ሰማች። እስኪጨርሱ ጠበቀች። ያን ጊዜ ስላላፈራ ሊወስዱት ነበር፤ አሁን ስላፈራ ሊወስዱት ነው። ምን ቢሆን ነው ታዲያ የእሷ የሚሆነው? ባሏን አየችው። ባሏ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አባቶቼ» አለች፣ «ሲመክን የእሷ፣ ሲያፈራ የእኛ ነው እንዴ? ከዝናቡ በፊት ባሌ ፈርዷል። ካፈራ ያንቺ ነው ብሏል።»

«የተቆጣ ሰው ቃል ነው» አለ ዋርሳዋ። «ማን ሰማ?»

«እኔ ሰምቻለሁ» አለች አማቷ ከጥጉ።

ሁሉም ዞሩ። አሮጊቷ እንዝርቷን አስቀመጠች። «ይህቺን ልጅ አልወዳትም» አለች። «አፏ አያርፍም፣ ከጎረቤት አጣልታኛለች። ግን ሰምቻለሁ። ደግሞ ሌላም ነገር አውቃለሁ። እኔም ወጣት ሳለሁ ከወንዙ ዳር ቁራሽ ነበረችኝ። ሰነፍ ነች አሉኝ፣ ወሰዷት። ዛሬ ልጄ አጥሮ የሚያመርትባት እሷ ናት። ሰነፍ አልነበረችም። እኔ ነበርኩ ዝም ያልኩት።»

ትልቁ ሽማግሌ ከዘራውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዞረ። ዋርሳዋ ግን አልበቃውም። «ታዲያ እኔ ምን ላይ ልቁም? ወንድሜ ዝም ብሎ ሊያየኝ ነው?»

«ወንድምህ ከወደደህ» አለች ችኮ፣ «የሱ ማሳ የኔን ሁለት እጥፍ ነው። ከሱ ቆርሶ ይስጥህ። ምነው፣ ልግስናችሁ ሁልጊዜ ከኔ ድርሻ ላይ የሚጀምረው?»

ይህን ማንም አላሰበውም ነበር። ሽማግሌዎቹ፣ ወንድምየው፣ አማቷም ሳትቀር፣ ሁሉም በአንድነት ወደ ባሏ ዞሩ። ባሏ እንደ ተያዘ ሌባ ተቀመጠ። ታናሹ ሽማግሌ ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት አፉን በጋቢው ሸፈነ።

«መሬቴን አልሰጥም» አለች፣ ድምጿን ሳታነሳ። «በግድ ልትወስዱ ብትሞክሩ ደግሞ አፈሩን ብቻ ነው የምታገኙት። እጄ አብሮ አይሄድም። ከበሬው ኋላ ማን እንደሚሄድላችሁ አስቡበት፤ ያን ሥራ የሚያውቅ ከዚህ ቤት አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ባሏ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ተናገረ። «የላይኛውን ጥግ ከኔ ላይ እለቅለታለሁ» አለ። «የእሷ የእሷ ነው። ቃል ወጥቶብኛል።» ወንድሙ ተነስቶ ወጣ። በሩን በኃይል ዘጋው፣ ግን ከጥቂት ቀን በኋላ ያችን ጥግ ሊለካ መጣ።

ዓመቱ ዞሮ ሰማዩ እንደገና ጠቆረ። ችኮ ከመጋዘኑ በራስዋ ስም የወጣውን ጆንያ በአህያ ጭና ስትመለስ ሰልፉ ላይ አራት ሴቶች ቆመው አየች። መጋዘን ጠባቂው ይህን ጊዜ በማንም ትከሻ ላይ አሻግሮ አላየም።

ዝናቡ የጣለ ጧት ቀድማ ወረደች። የዘር ቅሏን ይዛ በማሳዋ ጫፍ ቆመች። ባሏ በሬዎቹን ጠምዶ መጣ፤ ወሰኑ ጋ ሲደርሱ በሬዎቹ እንደ ልማዳቸው ወደ እሱ ማሳ መታጠፍ ጀመሩ።

«ዘንድሮ ከዚህ ነው የምንጀምረው» አለች።

ባሏ አላወላወለም፣ ገመዱን ሳበ። በሬዎቹ አልገባቸውም፤ አንገታቸውን አዙረው የለመዱትን ማሳ እያዩ አንገራገሩ። ባሏ ሁለት እጁን ገመዱ ላይ አድርጎ፣ ተረከዙን ጭቃው ውስጥ ተክሎ፣ ላቡ እስኪወርድ ጎተታቸው። ችኮ አልረዳችውም። ቅሏን በክንዷ አቅፋ፣ በሬዎቹ አዲሱን መንገድ እስኪለምዱት ቆማ ጠበቀች።